በባሕር ማዶ ለምታድግ ልጅ የተነገረ የመኝታ ተረት
(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ግልገል ነው። ነገሩ የልጆች መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የልጅ ልጅ በባሕር ማዶ ያላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው ብትሰሙኝ ጊዜያችሁ በከንቱ የሚጠፋ አይመስለኝም።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባልደረባ አሉኝ። ሴት ልጃቸው በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ትኖራለች። ባልና ሚስቱ ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻቸው። ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ከበዓል በኋላ ወደ ሥራ ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸውና ምን እንደ ሆኑ ጠየቅኋቸው። በዓሉን ምክንያት በማድረግ በምስል ስልክ ተገናኝተው ኖሯል። አያትዮዋ ከማለዳ ጀምረው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቡናውን አቅርበው ጠበቁ። ልጅቱ በስልኩ መስተዋት ላይ ብቅ አለችና በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ብላ እጇን አወዛውዛ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። አያትዮዋ «ነይ እንጂ የኔ እናት፤ ምን በላሽ?» ቢሉ መልስ የለም። ኋላ ስልኩ ሲዘጋ፣ «እኔና እሷን የሚያስተረጕም ሰው ሲፈለግልን ልሙት?» አሉ፤ ባልደረባዬም ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

ልጅቱ አማርኛ አትሰማም ማለት አይደለም። «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ» ሲሏት ታደርጋለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ በሁለት ቋንቋ መካከል በሚያድጉ ልጆች ዘንድ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። ጆሮ ይቀድማል፤ አፍ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። አፉ ካልተከፈተ ደግሞ ውሎ አድሮ ጆሮውም ይደነቍራል። ጆሹዋ ፊሽማን የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ1991 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተሙት መጽሐፍ አጥብቀው የተናገሩት ይኸንኑ ነው፤ ይኸውም አንድ ቋንቋ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በቤት ውስጥ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው፤ ይህ ከተቋረጠ ትምህርት ቤትም ሆነ ማኅበር ብቻውን ሊተካው አይችልም ማለታቸው ነው።

ባልደረባዬ ግን የሊቅ መጽሐፍ አልፈለጉም። «አንተ በራዲዮ የምትናገር ሰው ነህ፤ እባክህ ለልጅቱ የመኝታ ተረት ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔም በደስታ ተቀበልሁ፤ በሁለት ማታ ጽፌ አስረከብሁ፤ እርሳቸውም ላኩት።

ያ የመጀመሪያው ጽሑፌ ምንም አልረባም። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። አንበሳው «ወደ ጥቅጥቁ ደን ገሥግሦ የአራዊቱን ጉባኤ ካሰባሰበ በኋላ» ይላል። በመሥሪያ ቤት የሚዘዋወር ሰርኩላር እንጂ የልጅ ተረት አይመስልም። እናትዮዋ አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ታነባለች፤ ልጅቱ ዝም ብላ ትጠብቃታለች፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ትተረጕምላታለች። በሦስተኛው ማታ ልጅቱ አማርኛው ሲነበብ ጣሪያ እያየች፣ እንግሊዝኛው ሲመጣ ወደ እናቷ መዞር ጀመረች። ትርጕሙ እንደሚመጣ ካወቀች አማርኛውን ለመስማት ምን ምክንያት አላት? በየዐረፍተ ነገሩ መተርጐም ልጅን ከቋንቋው ጋር ያገናኛል ብለን እናስባለን፤ እንዲያውም ቋንቋውን መስማት እንደማያስፈልግ የሚያስተምር እርሱ ነው።

ስለዚህ እንደገና ተቀመጥሁ። በዚህ ጊዜ አማርኛችን ራሱ የሚሰጠንን አንድ መሣሪያ አገኘሁ። አድማጮቼም ዛሬ በተለይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

በእንግሊዝኛ ግሡ በዐረፍተ ነገሩ መካከል ይውላል። በአማርኛ ግን ግሡ ማሰሪያ ነውና በመጨረሻ ይመጣል። እንግዲህ ተረት ነጋሪው ዐረፍተ ነገሩን ጀምሮ የመጨረሻዋን ቃል ሳይናገር ቢያቆምና ልጁ እንዲጨርስ ቢተውለት፣ ልጁ የሚናገረው ሁልጊዜ ግሡን ይሆናል። የአማርኛ ግሥ ደግሞ ብቻውን ብዙ ነገር ይሸከማል። ማን እንዳደረገው፣ አድራጊው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ይከበር ይሁን አይከበር፣ ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለሽማግሌውም ለብዙዎቹም አንዲት «አንተ» ብቻ ናት። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚያስብ ልጅ ትልቁ መሰናክል የሚያጋጥመው እዚያው በግሡ ጫፍ ላይ ነው። ተረቱም የሚያቆመው እዚያው ላይ ነው። ማስተማር ሳያስፈልግ፣ ሰዋስው ሳይነሣ፣ ልጁ የቋንቋውን አስቸጋሪ ክፍል በጨዋታ ይሞላል ማለት ነው።

የጻፍሁት ተረት ይኸው ነው። እንደ ተጻፈ ላንብበው።

ተረት ተረት።
— የላም በረት።

አንዲት ግልገል ነበረች። ትንሽ ናት። ነጭ ናት። አንድ ማታ ግልገሏ ነቃች። እናቷ የለችም። ግልገሏ ከቤት ወጣች። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

በሬውን አገኘች። «በሬ፣ በሬ፣ እናቴን አይተሃል?» አለች።
በሬው «አላየሁም» አለ። በሬው ደክሞታል። በሬው ተኛ።
ግልገሏ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

ላሟን አገኘች። «ላም፣ ላም፣ እናቴን አይተሻል?» አለች።
ላሟ «አላየሁም» አለች። ላሟ ደክሟታል። ላሟ ተኛች።
ግልገሏ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

ሽማግሌውን አገኘች። «አባባ፣ አባባ፣ እናቴን አይተዋል?» አለች።
ሽማግሌው «አላየሁም» አሉ። ሽማግሌው ደክሟቸዋል። ሽማግሌው ተኙ።
ግልገሏ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

ወፎቹን አገኘች። «ወፎች፣ ወፎች፣ እናቴን አይታችኋል?» አለች።
ወፎቹ «አላየንም» አሉ። ወፎቹ ደክሟቸዋል። ወፎቹ ተኙ።
ግልገሏ ቆመች። ጨለማ ነው። ማንም የለም።

ጨረቃ ወጣች። «ጨረቃ፣ ጨረቃ፣ እናቴን አይተሻል?» አለች።
ጨረቃ «አይቻለሁ!» አለች። «እናትሽ በር ላይ አለች። አንቺን ትፈልጋለች። ሂጂ።»

ግልገሏ ተመለሰች። መጣች፣ መጣች፣ መጣች።
ወፎቹስ? ተኝተዋል።
ሽማግሌውስ? ተኝተዋል።
ላሟስ? ተኝታለች።
በሬውስ? ተኝቷል።

እናቷ በር ላይ አለች። «ልጄ፣ መጣሽ?» አለች።
ግልገሏ «መጣሁ» አለች።
እናቷ ደክሟታል። ግልገሏም ደክሟታል።
እናቷ ተኛች። ግልገሏም ተኛች።
አንቺም ተኚ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ።

ተረቱ ይኸው ነው። ለአዋቂ ሰው ጆሮ አሰልቺ እንደ ሆነ አውቃለሁ። እኔም በመጀመሪያ ሳነበው ምነው ትንሽ ባሳመርሁት ብዬ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ መደጋገም የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱን ልግለጽ።

በመጀመሪያ መልሱን ተመልከቱ። በሬውም፣ ላሟም፣ ሽማግሌውም የሚመልሱት «አላየሁም» ብለው ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር በአማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ክብርም አይገባበትም። ስለዚህ ይህቺ ቃል አትለወጥም፤ ልጅም ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዛት እርሷን ነው። ጥያቄው ግን በየቤቱ ይለወጣል። አይተሃል፣ አይተሻል፣ አይተዋል፣ አይታችኋል ይላል። «እናቴን» የምትለው አልተለወጠችም፤ የተለወጠችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። ልጁ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ጐን ለጐን ሲሰማ ልዩነቱ ራሱ ይታየዋል። ወፎቹ ደግሞ «አላየንም» ሲሉ ያቺ የማትለወጠው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠች፤ ይህ ሆን ተብሎ ወደ መጨረሻ የቀረበ ነው። ጨረቃም «አይቻለሁ» ስትል ልጁ አራተኛውን «አላየሁም» ሲጠብቅ ሌላ ነገር ይመጣበታል፤ ዐይኑ የሚበራውም እዚህ ላይ ነው። መደጋገሙ ባይኖር ይህ ድንገተኛ ደስታ ባልተገኘም ነበር።

አነጋገሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አራት ማታዎች ነጋሪው ሁሉንም ራሱ ይናገር፤ ልጁን ምንም አይጠይቀው። ከዚያ በኋላ ጊዜ ሲደርስ በሬው ላይ ቆም ይበል፤ «በሬው…» ብሎ ዝም ይበል፤ ልጁን ቀና ብሎ ይመልከት። ዝምታው ረዘም ማለት አለበት። እኛ አዋቂዎች ዝምታ ያስጨንቀንና በአንድ ጊዜ ትንፋሽ ውስጥ ራሳችን እንሞላዋለን። በልብ ቀስ ብሎ እስከ አምስት ቢቈጥሩ ይበቃል። ልጁ ከተናገረ ተረቱ ይቀጥላል፤ ካልተናገረ ነጋሪው ራሱ «አላየሁም አለ» ብሎ ያልፋል፤ ፊቱን አያጠቍርም። ነገ ማታ ደግሞ አለ።

ባልደረባዬ በየቀኑ ጠዋት የደረሰበትን ይነግሩኝ ነበርና የዚያችን ልጅ ነገር በዝርዝር አውቀዋለሁ። በአምስተኛው ማታ «ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች» የሚለውን ከእናቷ ጋር አብራ አለች፤ ትርጕሙን ሳይሆን ዜማውን ነው የያዘችው። በስምንተኛው «አላየሁም» አለች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በሬውንም ላሟንም ሽማግሌውንም «አይተሃል» እያለች ትጠይቅ ነበር። ሁሉን ወንድ አደረገቻቸው። ይህ የሚያስደነግጥ ስሕተት አይደለም፤ ከቋንቋው አንዱን መልክ ይዛ በሁሉ ላይ ማዋሏ ነውና የመማር ምልክት ነው።

እናትዮዋ ግን ደነገጠች። «አይደለም፤ ላም ሴት ናት፤ አይተሻል በዪ፤ ድገሚ» አለቻት። ልጅቱ ደገመች። በማግሥቱ ግን ላሟ ጋ ሲደርሱ አፏን ዘጋች፤ በሚቀጥለውም ማታ ተረቱን አልፈልግም አለች። ከዚያ የተነሣ አንድ ሳምንት ያህል ባከነ። እኔ በባልደረባዬ በኩል የላክሁት ምክር አጭር ነበር። ልጅቱ «ላም፣ ላም፣ እናቴን አይተሃል?» ስትል እናትዮዋ ላሟን ሆና በቀጭን ድምፅ «እኔን ነው? እናትሽን አይተሻል? አላየሁም!» ብላ ትመልስላት። ትክክለኛው ቃል በጨዋታው ውስጥ ተመልሶ ይሰማል፤ ልጅቱ ግን ተሳሳትሽ አልተባለችም። እንዲህ ከሆነ ከጥቂት ማታዎች በኋላ ላሟ ሴት ሆነች። ሽማግሌው ግን ብዙ ጊዜ ወሰዱ። በእንግሊዝኛ አገር አንድን ሰው እንደ ብዙ ሰው ቈጥሮ ማነጋገር የሚባል ነገር የለምና ለልጅቱ ይህ ከሁሉ የራቀ ነገር ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። አያትን «አንቺ» ማለት በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የፍቅር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ስለዚህ «አይተዋል» የሚለውን በተረቱ ያስገባሁት ልጁ በሽማግሌ ፊት ሲቆም የሚመርጠው ነገር እንዲኖረው ብዬ ነው፤ ምርጫው የየቤቱ ነው።

የድምፁም ነገር አለ። እንግሊዝኛ የለመደ ልጅ «ጨረቃ»ን «ቸረካ» ይላታል። ጨ እና ቀ፣ ጠ እና ጸ ጕሮሮን ዘጋ አድርጎ በድንገት በመልቀቅ የሚነገሩ ናቸውና በእንግሊዝኛ አይገኙም። እዚህም ላይ ማረም አያስፈልግም፤ ይልቅስ ጨረቃዋ ስትወጣ ነጋሪው ሁለት ጊዜ «ጨረቃ፣ ጨረቃ» ብሎ ጠንከር አድርጎ ይጥራት። ስሟ ሁለት ጊዜ የተጠራውም ለዚሁ ነው።

ከዚህ የበለጠ ሰዎች የሚሳሳቱት በሚጠብቀውና በሚላላው ነው። በተረቱ ውስጥ «አለች» የምትለው ቃል ሁለት ዓይነት ናት። «ጨረቃ አይቻለሁ አለች» ስንል ለ ላልታ ትነገራለች፤ ተናገረች ማለት ነው። «እናትሽ በር ላይ አለች» ስንል ግን ለ ትጠብቃለች፤ ትገኛለች ማለት ነው። ፊደላችን ይህን አይለይም። እኛ ሳናስብ እንለየዋለን፤ ነገር ግን አማርኛን በንባብ ብቻ የያዘ ሰው፣ ለምሳሌ ባዕድ አገር የተወለደ አባት፣ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ሊያነብባቸው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ከማንበቡ በፊት ተረቱን አንድ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው አፍ ቢሰማው ይሻላል።

ከሰው አፍ መስማት ካልሁ ዘንድ የአያትዮዋን ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ተረቱን ራሷ በስልክ ትንገራት ብለው ባልደረባዬ አስበው ነበር። ሰዓቱ ግን አልገጥም አለ። በሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ የሚተኛበት ከምሽቱ 2 ሰዓት በእኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ እነርሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። አያትዮዋ «እነሣለሁ» ብለው ሁለት ሌሊት ተነሡ፤ በሦስተኛው ደማቸው ከፍ አለባቸውና ተከለከሉ። ኋላ ድምፃቸውን በስልክ ቀርጸው ላኩ። በዚህም ጊዜ አንድ ነገር አስተካከልን። እርሳቸው ተረቱን አንዴ ሳያቋርጡ ነገሩት፤ ያ መልካም ነው፤ ግን ለልጅቱ የሚሞላ ቦታ አልተወላትም። በሁለተኛው ቀረጻ «በሬው…» ብለው አንድ ፉት ቡና እስኪጠጡ ድረስ ዝም አሉ፤ ከዚያ «አላየሁም አለ» ብለው ቀጠሉ። ከጀርባው የስኒው ድምፅ ይሰማል ብለው አዘኑ፤ ልጅቱ ግን እናቷ በምሽት ሥራ ላይ በምትሆንበት ቀን ያንኑ የስኒ ድምፅ ያለበትን እያለች አባቷን ታስከፍተው ጀመር።

አንድ ተረት ስንት ማታ ይነገራል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ወላጅ ይሰለቻል፤ ልጅ ግን አይሰለችም። በ2011 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የ3 ዓመት ልጆችን በሁለት ከፍለው ሞክረው ነበር። ሁለቱም ወገን አዲሶቹን ቃላት እኩል ጊዜ ሰሙ፤ ግን አንደኛው ወገን በዚያው በአንድ ተረት ተደጋግሞ ሲነበብለት፣ ሌላው በተለያዩ ተረቶች ውስጥ ሰማቸው። ቃላቱን ይበልጥ ይዘው የተገኙት ያንኑ ተረት ደጋግመው የሰሙት ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ተረቱ አዲስ ሲሆን ልጁ ምን ሆነ፣ ማን መጣ እያለ ልቡ በታሪኩ ላይ ነው፤ ታሪኩን ካወቀ በኋላ ግን ጆሮው ወደ ቃላቱ ይመለሳል። ስለዚህ ነጋሪው ቃላቱን በየማታው እየለዋወጠ ማሳመር የለበትም። ዛሬ «ተኛ» ብሎ ነገ «አሸለበ» ቢል ልጁ የያዘውን ክር ይበጥስበታል።

የዚህ ዓይነት ተረት ዳርቻ አለው፤ ይህን መደበቅ አልወድም። ከግልገሏ ጋር የሚማሩት ቃላት ጥቂት ናቸው። ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሕመም አንድም አልነገረችንም። ደግሞም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ግልገሏን ንቆ ይስቅባታል፤ ለእርሱ ሌላ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ በልጅነቴ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን የሚነግሩትን ተረት ለመስማት ከጐረቤት ቤት ደጃፍ እቆም ነበር፤ ያን የሰማነው ግን ቀድሞ አማርኛው አፋችን ውስጥ ኖሮ ነው። ቋንቋው ገና ያልገባው ልጅ የእርሳቸውን ዓይነት ተረት ቢያዩት ምስሉን ይወድደዋል እንጂ ቃሉን አይዝም። በመጀመሪያ አንዲት አጭር ነገር እስክትሰለቸው ድረስ መያዝ ይበጀዋል።

ተረቱ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ለማወቅ ልጁን መፈተን አያስፈልግም። በአልጋው ላይ ሁሉንም በቃሉ ቢወጣውም ዜማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከአልጋው ውጭ ነው የሚታየው። በሦስተኛው ወር ልጅቱ ጠዋት ወደ መዋያዋ ልትሄድ ስትል የአንድ እግር ጫማዋ ጠፋባት። በየክፍሉ ስትፈልግ ቆይታ ወደ ማድ ቤት መጣችና «እማዬ፣ ጫማዬን አይተሻል?» አለች። እናትዮዋ ያፈላችውን ሻይ ረስታ ለአባቷ ልትናገር ሮጠች፤ ሻዩም ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። «ጫማዬን» የምትል ቃል በተረቱ የለችም። ልጅቱ የግልገሏን ጥያቄ ወስዳ የራሷን ነገር ጨመረችበት፤ እናቷንም ሴት አድርጋ ጠየቀቻት።

ሌላም ነገር አመጣች፤ ይኸውም እኔ ያላሰብሁት ነው። ተረቱ እናትዮዋ ግልገል የት ሄዳ እንደ ቆየች አይናገርም። ስጽፈው አልታየኝም ነበር። አንድ ማታ አባቷ ተረቱን ሲጨርስ «እናቷ ግን የት ነበረች?» ብሎ ጠየቃት። የልጅቱ እናት በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ በሳምንት ሦስት ምሽት ቤት የለችም። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «ሥራ» አለች። ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ ስባ «ደክሟታል» ብላ ጨመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረቱ በዚያ ቤት ተለውጧል። እናትዮዋ ፍየል ሥራ ሄዳ ነበር ተብሎ ይነገራል፤ እኔም የጽሑፌን ቅጂ በዚሁ አርሜዋለሁ።

ባልደረባዬ ባለፈው ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሌ መጥተው ሳይቀመጡ ቆመው የነገሩኝን ልንገራችሁና ላብቃ። እሑድ ዕለት እንደ ወትሮው በምስል ስልክ ተገናኙ። አያትዮዋ ድመት አላቸው፤ ልጅቱም ሁልጊዜ ድመቷን ማየት ትወዳለች። ያን ቀን ድመቷ ከወንበሩ ሥር ገብታ አልታይ አለች። ልጅቱ ፊቷን ከስልኩ ጋር አስጠግታ «እማማ፣ እማማ፣ ድመቷን አይተሃል?» አለች። ከዚያም ራሷ ቆም አለች። አባቷ ሊናገር ሲል እናቷ እጁን ያዘችው። ልጅቱ «አይተሻል» አለች፤ አሁንም ቆም አለች፤ ከዚያም «አይተዋል?» አለች።

አያትዮዋ ድመቷ ከወንበሩ ሥር ጅራቷን አውጥታ እንደ ተኛች እያዩ ነበር። ነገር ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ የበሬውን ድምፅ አድርገው፣ «አላየሁም» አሉ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ደኅና እደሩ።